በስቱዲዮ ፎቶ ላይ ነጠላ ማልበስ፦ ጨርቁ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ

አንዲት ደንበኛዬ ለእናቷ አርባ ትልቅ ፎቶ ማሳተም ፈለገች። ከእናቷ ፎቶዎች ሁሉ ፊታቸው ጥርት ብሎ የወጣው አንድ የስቱዲዮ ፎቶ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ግን እናት ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ለብሰዋል። «እማዬ ያለ ነጠላ ከቤት ወጥታ አታውቅም። እንዲህ ሆና ሰው ፊት አላቆማትም፤ ነጠላ ጣል አድርግላት» አለችኝ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ከንቱ ነበር። ከድሮ ሥራዎቼ ውስጥ አንዲት ወጣት የለበሰችውን ነጠላ ቆርጬ አመጣሁና ትከሻቸው ላይ አስቀመጥኩት። ብርሃኑ በተቃራኒ በኩል ስለነበር ነጠላውን እንደ መስታወት ምስል ገለበጥኩት። ይህን ሳደርግ በግራ ትከሻ ላይ የነበረው ጫፍ ወደ ቀኝ ዞረ። የሟች እህት መጥተው አይተው «የኔ ልጅ፣ እህቴ ይሄን አልለበሰችውም፤ ለጥፈህባታል» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ሥራውን ከዜሮ ጀመርኩት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁለተኛው ጊዜ የሄድኩበት መንገድ ነው። የሠራሁት በፎቶሾፕ ነው።

1. ከምንም በፊት አለባበሱን ጠይቁ

ነጠላ አንድ ዓይነት አይለበስም። መስቀለኛ የተለበሰ ነጠላ የቤተ ክርስቲያን ነው። ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት ከመጣ የሐዘን ነው። በአርባ ዝግጅት ላይ ሐዘንተኞቹ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ይመጣሉ፤ ፎቶው ላይ ያሉት ሟች ግን ሐዘንተኛ መምሰል የለባቸውም። ይህን ያልጠየቀ ሰው ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር ቤተሰቡን ያስከፋል።

ልጅቱ ያለችኝ እንዲህ ነው፦ እናቷ ነጠላውን በሁለቱም ትከሻ ላይ አድርገው የቀኙን ጫፍ በደረታቸው አሻግረው ወደ ግራ ትከሻ ይጥሉታል፤ ጥለቱ ቀጭን ነው፤ አዲስ ነጠላ አይወዱም፣ ታጥቦ የለሰለሰ ነው የሚለብሱት። እነዚህ ሦስት ነገሮች ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ ወሰኑልኝ።

2. የድሮውን ፎቶ አንብቡ

ብርሃኑ ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ ዓይን ነው። በብሌኑ ላይ ያለችውን ነጭ ብልጭታ አጉልታችሁ እዩ። በዚህ ፎቶ ላይ ብልጭታዋ አራት ማዕዘን ነበረች፤ ከብሌኑ በላይ፣ ወደ ፎቶው ግራ ጠርዝ። ስለዚህ መብራቱ ሶፍት ቦክስ ነው፣ የተቀመጠውም በሴትዮዋ ቀኝ በኩል ከፍ ብሎ ነው። ቀጥሎ የአፍንጫውን ጥላ እዩ። ጠርዙ የደበዘዘ ከሆነ መብራቱ ትልቅና ቅርብ ነው፤ ጠርዙ ስለት ከሆነ መብራቱ ትንሽ ወይም ሩቅ ነው። የነጠላው እጥፋቶች የሚጥሉት ጥላም በዚሁ ልክ መደብዘዝ አለበት።

የካሜራውን ከፍታም ገምቱ። የትከሻው የላይኛው ገጽ ከታየ ካሜራው ከትከሻ በላይ ነው። በመጨረሻ ከትከሻ ጫፍ እስከ ትከሻ ጫፍ ያለውን ስፋት በፒክስል ለኩና ጻፉት። የኔው 1900 ፒክስል ያህል ነበር። አዲሱ የነጠላ ፎቶ ከዚህ ማነስ የለበትም፤ አንሶ የመጣን ጨርቅ መለጠጥ ድርና ማጉን ያጠፋዋል።

3. እውነተኛ ነጠላ፣ እውነተኛ ትከሻ ላይ አንሱ

በብሩሽ ነጠላ ለመሳል የሚሞክሩ አሉ። እኔ አልመክርም። ጨርቅ የሚወድቀው በሚይዘው ነገር ነው፤ ይህንንም በግምት መሥራት በጣም ከባድ ነው። ነጠላ ትከሻ ላይ ሲሆን የሚይዙት ጥቂት ቦታዎች ናቸው፦ የአንገቱ ሥር ግራና ቀኝ፣ ከዚያም የትከሻው ጫፎች። እያንዳንዱ እጥፋት ከነዚህ ከአንዱ ይነሳል፤ ሲነሳ ጠባብና ጥብቅ ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ ይሰፋል፣ ይላላል። ጫፉ ወደ ግራ ትከሻ ከተጣለ ደግሞ እጥፋቶቹ ከቀኝ ክንድ ተነስተው በደረት ላይ አግድም ሽቅብ እየወጡ ግራ ትከሻ ላይ ይሰበሰባሉ። ከየትም ሳይነሳ ደረት መሃል ላይ ብቻውን የተጋደመ እጥፋት ካያችሁ ያ ጨርቅ የተለጠፈ ነው። አክስቲቱም ስም ባይሰጡት ያዩት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሰው ያስፈልጋል። የልብስ መስቀያ አይሆንም፤ ትከሻው ሹል ስለሆነ ነጠላው እንደ ድንኳን ተወጥሮ ይቆማል። ከፎቶ ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያላቸው፣ በሰውነታቸው ሟችን የሚመስሉ እናት ፈቃደኛ ሆኑልኝ። ወንበር ላይ አስቀምጬ ልክ በድሮው ፎቶ እንዳለው ደረታቸውን ጥቂት ወደ መብራቱ አዞርኩ። መብራቱን በቀኛቸው፣ ከራሳቸው ከፍ አድርጌ አቆምኩና ካሜራውን በአገጫቸው ልክ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ አስቀመጥኩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር። ነጠላ ስስ ነው፤ ሁለት ስስ ጨርቅ ተደርቦ የተሠራ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ቀለም ያሳልፋል። ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ላይ ያረፈ ነጠላ ባልታጠፈበት ቦታ ትንሽ ይጨልማል፣ አረንጓዴም ይነካዋል። በታጠፈበት ቦታ ግን ድርቡ ስለሚበዛ ነጭነቱ ይመለሳል። ይህን ልዩነት በኋላ በኮምፒውተር መፍጠር አድካሚ ነው። ከሥር ተመሳሳይ ሹራብ ካለበሳችሁ ግን በነጻ ታገኙታላችሁ። እኔ ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ተውሼ አለበስኳቸው። ለባክግራውንዱም እንዲሁ ነው፦ የድሮው ፎቶ ግራጫ ከሆነ በግራጫ አንሱ። ለመቁረጥ ይቀላል ብላችሁ ከኋላ ደማቅ አረንጓዴ ጨርቅ እንዳትሰቅሉ። የነጠላው ጠርዝ አረንጓዴውን አሳልፎ ይዞባችሁ ይመጣል፤ ማጽዳቱ ከመቁረጡ ይብሳል።

ነጠላው ራሱ የታጠበ ይሁን። አዲስ ነጠላ ደረቅ ነው፣ ከመደርደሪያ የመጣበት የአጣጠፍ መስመርም በአራት ማዕዘን ተስሎበታል። ያንን መስመር በካውያ አታጥፉት፤ ካውያ የገባበት ነጠላ እንደ ወረቀት ይሆናል። ውኃ ነክሮ ጨምቆ ጥላ ውስጥ ማስጣት ይበቃል።

ነጠላውን ሴትዮዋ ራሳቸው ይልበሱት እንጂ እናንተ አታልብሷቸው። ዕድሜ ልኩን ነጠላ ያጣፋ እጅ ጨርቁን የሚጥልበት መንገድ አለው። አንዴ ከለበሱ በኋላ ትከሻቸውን እንዲያወርዱና እንዲተነፍሱ ጠይቁ፤ ጨርቁ ያኔ ነው የሚረጋው። አራት አምስት ካነሳችሁ በኋላ አውልቀው እንደገና ይልበሱ። በየአለባበሱ የተለየ ይወድቃልና ምርጫ ይኖራችኋል። እኔ ስድስት ጊዜ አስለበስኳቸው፤ የተጠቀምኩት በአራተኛው ነው።

የካሜራ ልኬቱን ለነጠላው አውጡት እንጂ ለፊቱ አይደለም፤ ፊቱን አንጠቀምበትም። ነጭ ጨርቅ ሲቃጠል ድርና ማጉ ይጠፋል፣ የጠፋውም አይመለስም። የሚቃጠለውን ቦታ የሚያብለጨልጭ ማስጠንቀቂያ ካሜራችሁ ላይ ካለ፣ ብልጭታው ከነጠላው ላይ እስኪጠፋ መብራቱን ቀንሱ። ፋይሉንም በRAW ያዙ።

4. መቁረጥና ማስቀመጥ

የመረጣችሁትን ፎቶ ክፈቱ፣ ነጠላውን በፔን መሣሪያ ዙሩት። አውቶማቲክ መምረጫው ነጭን ከግራጫ ባክግራውንድ ሲለይ ትከሻው አካባቢ ይሳሳታል። ከነጠላው ሥር የሚታየውን ሹራብ አብራችሁ አታምጡ፤ በስሱ ጨርቅ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ግን የነጠላው አካል ነውና ይምጣ። ጠርዙን ግማሽ ወይም አንድ ፒክስል ብቻ አለስልሱት።

ወደ ዋናው ፎቶ አምጥታችሁ `Convert to Smart Object` አድርጉት። ይህን ካደረጋችሁ ደጋግማችሁ ብትለጥጡትም የመጀመሪያው ጥራት አይጠፋም። ልኩን በትከሻው ስፋት አስተካክሉ፣ ግን ነጠላው ከሴትዮዋ ትከሻ ትንሽ መስፋት አለበት፤ ከሹራቡ በላይ የተደረበ ጨርቅ ነውና። ልክ በሹራቡ ጠርዝ ላይ የሚያልቅ ነጠላ ቆዳ ላይ የተቀባ ይመስላል። በኔ ሥራ በያንዳንዱ ትከሻ 15 ፒክስል ያህል አለፈ።

የቀረውን መገጣጠም በ`Edit > Transform > Warp` ሥሩ። መጀመሪያ የአንገቱን ሥር ግራና ቀኝ አስተካክሉ፣ ቀጥሎ የትከሻውን ጫፎች። ከነዚህ ቦታዎች ውጭ ያለውን በተቻለ መጠን አትንኩ፤ እነሱ ከገጠሙ ደረቱ ላይ ያለው እጥፋት በራሱ ይገጥማል። መለጠጡ እንደበዛ የሚነግራችሁ ጥለቱ ነው። ጥለት በሽመና የተሠራ ስለሆነ መስመሮቹ ከጨርቁ ጋር ቢታጠፉም በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ነው። አንዱ ቦታ ሰፍቶ ሌላው ጠቦ ካያችሁ አልፋችኋል፤ ወደ ኋላ ተመለሱ። ሳይለጠጥ የማይገጥም ከሆነ ሌላ ፎቶ ምረጡ፣ ከሌለም እንደገና አንሱ። ግማሽ ሰዓት ማንሳት ግማሽ ቀን ከመጎተት ይሻላል።

5. አንገት

የነጠላ ሥራ የሚበላሸው አንገት ላይ ነው። ነጠላው ከአንገት ኋላ ዞሮ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ አንገቱ ከጨርቁ ፊት መሆን አለበት፣ ደረት ላይ ያለው ጨርቅ ደግሞ ከሹራቡ ፊት። በነጠላው ሌየር ላይ ማስክ ጨምሩና አንገቱ ያለበትን በጥቁር ብሩሽ ክፈቱት። ፀጉር ወደ ኋላ ወርዶ ከሆነ ከነጠላው ላይ ያርፋል ወይስ ከሥር ይገባል ብላችሁ ጠይቁ። የዚህች እናት ፀጉር ሹሩባ ተሠርቶ ወደ ኋላ የተያዘ ስለነበር ጥቂት የማጅራት ጸጉር ብቻ ነው የነካው፤ በሁለት ፒክስል ብሩሽ አንድ በአንድ አወጣሁት።

ሰዎች በአንገትና በጨርቁ መካከል ክፍተት መተው ይፈራሉ። አትፍሩ። ታጥቦ የለሰለሰ ነጠላ እንኳ አንገት ላይ አይጣበቅም፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ በመካከሉም ጨለማ አለ። ጨርቁን ከአንገቱ የምትለየው ያች ጨለማ ናት፤ ካልተተወች አንገቱ የታነቀ ይመስላል።

6. ጥላ፣ ከዚያም የነጠላው ብርሃን

ነጠላው ካለበት ሌየር ሥር አዲስ ሌየር ክፈቱ፣ የሌየሩንም ሁኔታ `Multiply` አድርጉ። የጥላውን ቀለም ከጥቁር አትውሰዱ። ከራሱ ከፎቶው ላይ፣ ከአገጭ ሥር ካለው ጥላ በቀለም ማንሻው ውሰዱ፤ የሰው ቆዳ ላይ ያለ ጥላ ብዙውን ጊዜ ሙቅ ቡናማ ነው። ሁለት ጥላ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጨርቁ ሰውነት የሚነካበት ቀጭን መስመር ነው፦ ጠባብ፣ ጠቆር ያለ፣ ጠርዙ ብዙ ያልደበዘዘ። ሁለተኛው ሰፋ ብሎ የሳሳ ሲሆን ከመብራቱ በተቃራኒ በኩል ብቻ ይወድቃል። በተለየ ሌየር ሥሩትና በ`Gaussian Blur` አደብዝዙት፤ መጠኑን በአፍንጫው ጥላ ጠርዝ ለኩ።

ጥላን ብዙ ሰው ይሠራል። የማይሠራው ተቃራኒውን ነው። ነጭ ነጠላ መብራት ሲያገኝ መልሶ ወደ ላይ ያበራል፤ የአገጭን ሥር፣ የመንጋጋን ጠርዝና የአንገቱን ፊት ያፈካል። የድሮው ፎቶ የተነሳው ከጥቁር አረንጓዴ ሹራብ ጋር ስለሆነ አገጫቸው ሥር ድቅድቅ ያለ ነው። ከዚያ ጨለማ ሥር ደማቅ ነጭ ጨርቅ ሲመጣ፣ ፊቱ አንድ ክፍል ውስጥ ጨርቁ ሌላ ክፍል ውስጥ የተነሳ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ `Curves` ሌየር ጨምሩ፣ መካከለኛውን ትንሽ አንሱ፣ ማስኩን ሙሉ በሙሉ ጥቁር አድርጉና በለስላሳ ሰፊ ብሩሽ፣ በ10 በመቶ ጉልበት፣ ከአገጭ ሥርና ከመንጋጋ ጠርዝ ብቻ ቀቡ። ስታበሩትና ስታጠፉት ልዩነቱ በጭንቅ መታየት አለበት። ሳየው ፊታቸው ከነጠላው ጋር አንድ ላይ የመጣልኝ በዚህ እርምጃ ነው።

7. ነጩን ነጭ አለማድረግ

የ`Info` መስኮቱን ክፈቱና ብሩሹን ነጠላው ላይ አንቀሳቅሱ። ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ ብርሃን የሚመታው ቦታ 235 አካባቢ፣ የእጥፋቱ ጥልቅ ቦታ ደግሞ 150 አካባቢ ቢሆን ለዚህ ዓይነት ለስላሳ ብርሃን ይስማማል። 255 የደረሰ ቦታ ሲታተም ቀለም አይነካውም፤ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በ50 በ70 ሴንቲሜትር ሕትመት ላይ ደግሞ ያ ቦታ ቀዳዳ ይመስላል።

የነጠላውን ሙቀትም ከፎቶው ጋር አስማሙ። የድሮው ፎቶ ወደ ቢጫ ያደላ ከሆነ ነጠላው ወደ ሰማያዊ ካደላ ወዲያው ይለያል። ሌላ `Curves` ሌየር ከነጠላው በላይ አድርጉ፣ በ`Create Clipping Mask` ነጠላውን ብቻ እንዲነካ አስሩት፣ ከዚያ የሰማያዊውን መስመር ትንሽ አውርዱ። ጥለቱ ቀለም ስላለው አብሮ ይለወጣል፤ የጥለቱን ቀለም ቤተሰቡ የሚያውቀው ከሆነ ከማስኩ አውጡት።

ከሥር ተመሳሳይ ሹራብ ማልበስ ሳትችሉ ከቀራችሁ፣ አሁን ነው የምታካክሱት። በነጠላው ማስክ ላይ በስሱ ቦታ፣ እጥፋት በሌለበት ብቻ፣ በ10 በመቶ ጥቁር ብሩሽ አንድ ሁለቴ አልፉ፤ የሥረኛው ሹራብ ጥቂት ይታያል። የሹራቡ ጥልፍ ወይም የአንገቱ መስመር በግልጽ እስኪነበብ ከሄዳችሁ ነጠላው መጋረጃ ይሆናል።

8. ጥራቱን ማስተካከልና መፈተሽ

አዲሱ ካሜራ ከድሮው የበለጠ ጥርት ብሎ ያነሳል። በ100 በመቶ አጉልታችሁ ቅንድቡንና የነጠላውን ክር አስተያዩ። ክሩ ከቅንድቡ የበለጠ ከጠራ ከግማሽ ፒክስል ጀምራችሁ አደብዝዙት፤ ከዚያ `Add Noise` ገብታችሁ `Monochromatic` የሚለውን መርጣችሁ የባክግራውንዱን ቅንጣት እስኪመስል ጥቂት ጨምሩ።

ለመፈተሽ ምስሉን ለጊዜው ጥቁርና ነጭ አድርጉት፤ የብርሃን ስህተት ያለ ቀለም ቶሎ ይታያል። ከዚያ የግራውን ትከሻና የአንገቱን ሥር ብቻ ቆርጣችሁ በ10 በ15 ወረቀት፣ በትልቁ ሕትመት ልክ አሳትሙና አንድ ክንድ አርቃችሁ እዩ። ስክሪን ላይ ያልታየኝ የማስክ ጠርዝ ሕትመቱ ላይ እንደ ነጭ ክር ወጥቶ አገኘሁት፤ አንድ ፒክስል ወደ ውስጥ ስቤ ጨረስኩ።

ይህ ሥራ ለመታሰቢያና ለቤተሰብ ፎቶ ነው። ለፓስፖርት ወይም ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ላይ ልብስ አልለውጥም፤ የሚጠይቅ ሲመጣ ለብሶ እንዲነሳ ነው የምነግረው።

አክስቲቱ ሁለተኛውን ሕትመት ሲያዩ ጥለቱን በጣታቸው ከደረት እስከ ግራ ትከሻ ተከተሉትና «ይሄንን ነጠላ የት አገኘኸው?» ብለው ጠየቁኝ። የጎረቤቴ መሆኑን ነገርኳቸው። ፋይሉን ከነሌየሮቹ አስቀምጫለሁ፤ ለሙት ዓመቱ በሌላ መጠን እንደሚፈልጉት ልጅቱ አስቀድማ ነግራኛለች።